የአይቫር ቤት ማስታወቂያ

«አይተው የማይጠግቡት፣ ውበት የተላበሰ፣ ከሐይቁ አንድ እርምጃ ላይ ያለ የህልምዎ ቤት! ዕድሉ እንዳያመልጥዎ!»

ይህን የጻፈው ሰው ከሐይቁ ተነስቶ በእግሩ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ መሀል መንገድ ላይ ቁጭ ይል ነበር። ከተማችን ዱሉዝ ዳገት ናት። የአይቫር ሉንድ ቤት ከውሃው አስራ አንድ መንገድ ወደ ላይ ነው፤ ሐይቁም የሚታየው ከፎቁ መታጠቢያ ቤት መስኮት ብቻ፣ እሱም ቅጠል ሲረግፍ ነው።

ስሜ ሎርና ነው። ቤት ሳሻሽጥ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ባየሁ ቁጥር እጄን ይበላኛል። አይቫር ሰማንያ ሦስት ዓመቱ ነው። ቤቱ በሌላ ቢሮ በሚሠራ ደላላ ልጅ በኩል ስድስት ወር ገበያ ላይ ቆይቶ ውሉ ሲያልቅ እኔን ጠራኝ። ወጥ ቤቱ ገብቼ ስቀመጥ በጠረጴዛው በመስኮቱ በኩል ወንበር እንደሌለ አየሁ። ቦታው ባዶውን ተትቷል።

«እዚያ ሚስቴ ማርጂት ነበረች» አለኝ። «በተሽከርካሪ ወንበሯ። አሁን የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ናት፣ በመኪና ሦስት ሰዓት ነው።»

«ልጆች አሏችሁ?»

«የለንም። እኔና እሷ ብቻ ነን። ስሚ ልጄ፣ ከእሷ ክፍል ፊት ለፊት ያለው ተለቋል። እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ይጠብቁኛል፣ ከዚያ ለሌላ ሰው ነው። ይህን ቤት ሳልሸጥ ደግሞ ክፍሉን መያዝ አልችልም። ገባሽ?»

ገባኝ። ሴፕቴምበር ገብቷል፤ ገዢ ቢገኝ እንኳ ወረቀቱ አምስት ስድስት ሳምንት ይፈጃል።

የድሮውን ማስታወቂያ ፎቶዎች ይዤ ቤቱን ዞርኩ። እንዲህ ነው የምሠራው፤ ፎቶውን ይዤ ፎቶው የደበቀውን እፈልጋለሁ። ከበሩ እስከ መንገዱ የተዘረጋ ደረጃ የሌለው የእንጨት መወጣጫ አለ፤ ፎቶው ላይ የለም፣ ከቁጥቋጦው ጀርባ ተደብቆ ተነስቷል። የታችኛው መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ በነጭ ማጣበቂያ የተደፈኑ ስምንት ቀዳዳዎች አገኘሁ።

«ተይዞ የሚነሳባቸው የመያዣ ብረቶች የት ሄዱ?»

«ጋራዥ ናቸው። ያ ልጅ ንቀላቸው፣ የሽማግሌ ቤት ያስመስላሉ አለኝ።»

«ታዲያ ሽማግሌ አይደሉም እንዴ?»

ሳቀ። ሲስቅ ጉሮሮው ዝጎ እንደቆየ ያስታውቃል። ከስንት ቀን በኋላ እንደሳቀ መጠየቅ ፈለግሁና ተውኩት።

ሜትሬን አውጥቼ ለካሁ። የበሮቹ ስፋት ሠላሳ ስድስት ኢንች ነው። የፊት በረንዳው ከመሬት ሃያ አራት ኢንች ከፍ ስለሚል መወጣጫውን ሃያ አራት ጫማ አድርጎ ዘርግቶታል፤ ለአንድ ኢንች አንድ ጫማ፣ ልክ እንደ ደንቡ። ማርጂትን ከዘጠኝ ዓመት በፊት ስትሮክ ሲመታት ይህን ሁሉ በገዛ እጁ ነው የሠራው። በኋላ የማስታወስ ችሎታዋም ከዳት።

ማስታወቂያው ላይ ማሞቂያውን ብጽፍ፣ ጣሪያ የተቀየረበትን ዓመት ብጽፍ ግድ የለውም። በረዶ ሲቀልጥ የምድር ቤቱ ሰሜናዊ ግድግዳ ውሃ እንደሚያስገባም አምኗል፤ ለነገሩ በሕግ መናገር አለበት። መወጣጫውንና ብረቶቹን ልጽፍ ነው ስል ግን ፊቱ ተለወጠ።

«አይሆንም! የማርጂትን በሽታ ገበያ አታውጪብኝ!»

«አቶ ሉንድ...»

«ሰው ሁሉ እንዴት እንደወደቀች፣ ገላዋን እንዴት አጥባት እንደነበር እያሰበ ሊዞርበት ነው? አይሆንም አልኩሽ።»

እኔም ግልፍ አለኝ። «ይስሙኝ! በእኛ ሥራ ሰው አይጻፍም። ማን እንደኖረበት አልጽፍም፣ ማን ሊኖርበት እንደሚገባም አልጽፍም፤ ሕጉም አይፈቅድም። ቤቱን ብቻ ነው የምጽፈው። ማርጂት እዚያ ውስጥ አትገባም።»

 ከዚያ ተነስቶ ጋራዥ ሄደና ብረቶቹን በባልዲ ይዞ ተመለሰ። ከግድግዳው በስተኋላ የደበቀውን ወፍራም እንጨት በጣቱ እያንኳኳ ፈልጎ አንድ በአንድ መልሶ አሰራቸው። እኔ ብሎን አቀብለው ነበር።

በማግስቱ ቀትር ላይ ቤቴ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ቦታው ከአንድ ሺህ ፊደል አይበልጥም፤ «ህልም»ን ካወጡት ግን ይበቃል።

«ሦስት መኝታ ክፍል ያለው የእንጨት ቤት። ከመንገድ እስከ ፊት በር ሃያ አራት ጫማ ርዝመት ያለው፣ በሁለቱም ጎን መደገፊያ ያለው መወጣጫ፤ ደረጃ የለም። የታችኛው ፎቅ በሮች ሠላሳ ስድስት ኢንች። ታች አንድ መኝታ ቤትና ደፍ የሌለው መታጠቢያ፣ ከግድግዳው እንጨት ጋር የታሰሩ አራት መያዣ ብረቶች። የወጥ ቤቱ መስኮት ዝቅ ተደርጎ ተሠርቷል፤ ተቀምጠው ሲመለከቱ መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታያል። ጣሪያ በ2016፣ ማሞቂያ በ2014 የተቀየረ። በረዶ ሲቀልጥ በምድር ቤቱ ሰሜናዊ ግድግዳ ውሃ ይገባል፤ መምጠጫ ፓምፕ አለው። የመኪና መግቢያው ወደ ሰሜን ስለሆነ በረዶው ቶሎ አይለቅም። ከሐይቁ አስራ አንድ መንገድ፣ ዳገት።»

ስጨርስ ጮክ ብዬ ማንበብ ልማዴ ነው። ባሌ ከሄደ ወዲህ የሚሰማኝ ማቀዝቀዣው ብቻ ነው። የመስኮቱ መስመር ጋ ስደርስ ወደ መጀመሪያው ተመለስኩ። ማርጂት አትገባም ብዬው ነበር፤ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ግን ሌላ ሰው አልነበረበትም።

ማስታወቂያው በወጣ በዘጠነኛው ቀን ኮሊን የምትባል ሴት መጣች። የብየዳ አስተማሪ ናት፤ ተሽከርካሪ ወንበሯን ራሷ እየገፋች፣ የራሷን ሜትር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ። በልማዳችን ቤት ሲታይ ባለቤቱ ዞር ይላል። አይቫር ግን ከመንገዱ ማዶ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ጋዜጣ የሚያነብ መስሎ ነበር።

ኮሊን መወጣጫውን ያለማንም እርዳታ ወጣች። በሩን ለካች። መታጠቢያው ውስጥ ገብታ ሙሉ ዞረች፤ ከዚያም ብረቱን ይዛ በሙሉ ክብደቷ ተንጠለጠለችበት። ንቅንቅ አላለም።

«ማነው የሠራው?»

«ባለቤቱ።»

«እጁ ይባረክ። ሁለት ዓመት ሙሉ ‹ውብ› የተባለ ቤት ሳይ ነው የከረምኩት። ውብ ማለት ሦስት ደረጃ ማለት ነው፣ ይግባሽ። በያ አሁን ያንን ውሃ የሚያስገባውን ግድግዳ ፎቶ አንስተሽ አምጪልኝ፤ እኔ እንደሆን ምድር ቤት አልወርድም።»

ሄጄ አነሳሁላት። ያን ዕለት ማታ የግዢ ሐሳቧን ላከች፤ ኦክቶበር ሃያ ስድስት ተፈራረሙ። አይቫር ቁልፉን ሲሰጣት የወጥ ቤቱን መስኮት እንዴት እንደሚከፍቱት ብቻ አሳይቷት ወጣ። እኔንም ተሰናበተኝ። ከዚያ በኋላ የማስታወቂያዬን ወረቀት ለምኖኝ አጥፎ ኪሱ አስገባ።

ኖቬምበር ላይ፣ አንድ እሑድ፣ ስልኬ ጮኸ። እሑድ ማንም አይደውልልኝም፤ ሮጬ አነሳሁት።

«አይቫር ነኝ። ከማርጂት ክፍል ፊት ለፊት ነኝ አሁን። በሩን ስከፍት አያታለሁ።»

«ታውቅዎታለች?»

«አንዳንዴ። ዛሬ አላወቀችኝም፤ አዲሱ ጎረቤት ነው የምትለኝ። እሺ፣ ጎረቤት ልሁን ብዬ ያንን ወረቀትሽን አነበብኩላት።»

«ምን አሏት ታዲያ? የማን ቤት ነው አሏት?»

«ምንም አላልኩም። እየሰማችኝ ነበር። መስኮቱ ጋ ስደርስ ‹ቆይ፣ እሱን ድገመው› አለችኝ። ደገምኩላት። ‹ይሄ ቤት አሁንም ይሸጣል?› ብላ ጠየቀችኝ።»

 ከመስመሩ ወዲያ የሰው ኮቴና የሳህን ድምፅ ይሰማል።

«ተሽጧል አልኳት» አለ። «እኔ ደግሞ ውሸት አልችልበትም። ትንሽ አሰበችና ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹ታድለው› አለች።»