ከአንደኛው በር የተመለሰው

በሽተኞቹ ሲስተሯን «ወንፊት» ይሏታል። ከጀርባዋ ነው እንጂ ፊት ለፊትማ ማን ደፍሮ። ሥራዋ ለታመመ ዘመዳቸው ኩላሊት ሊሰጡ የመጡ ሰዎችን መለየት ነው፤ ይሄ ይሆናል፣ ያ አይሆንም ማለት። የሚያልፈው ጥቂት፣ የሚመለሰው ብዙ ስለሆነ ስሙ ያለ ቦታው አልወጣላትም። እሷም ሰምታዋለች፤ አልከፋትም። እንዲያውም ወንፊቱን ራሷ ነበረች የሠራችው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ድሮ ልስጥ ብሎ የመጣ ሰው ሁሉ ምርመራውን ከዳር እስከ ዳር ይጨርስ ነበር። ደሙ፣ ሽንቱ፣ ግፊቱ፣ ልቡ፣ በመጨረሻም ወረፋው አላልቅ የሚለው ሲቲ ስካን። ውጤቱ ተሰብስቦ በአንድ ጊዜ ይነገራል። ላየው ሰው ደግ አሠራር ነው፤ የተመለሰውም ቢሆን ስለ ገላው አንድ ሳይቀር አውቆ ይሄዳል። ታዲያ አንድ ወጣት ልብስ ሰፊ ነበር። አራት ዘመዶቹ ተሰልፈው ምርመራውን ሲጀምሩ ክረምቱ እየገባ ነበር፤ ሳይጨርሱ ክረምቱ ወጣ፣ ልብስ ሰፊውም ከኩላሊት እጥበት ማሽኑ ጋር እንደተያያዘ አረፈ። ከቀብሩ በኋላ ሲስተሯ ውጤቶቹን ስታይ የአራቱም የደም ዓይነት ከእሱ ጋር የማይሄድ ሆኖ አገኘችው። በመጀመሪያው ጠዋት፣ በጥቂት ጠብታ ደም የሚታወቅ ነገር! ያኔውኑ ቢታወቅ አምስተኛ ዘመድ ይፈለግ ነበር። አለቀሰች፤ ከዚያ ተናደደች። እሷ ደግሞ ስትናደድ ሥራ ትሠራለች።

ምርመራዎቹን በር በር አድርጋ ደረደረቻቸው። ርካሹና ብዙ ሰው የሚጥለው ከፊት፣ ውዱና ጥቂት የሚጥለው ከኋላ። አንደኛው በር የደም ዓይነት ነው፤ በዚያ ሆስፒታል ያልገጠመ ደም ይዞ ቀዶ ጥገና የለም። ሁለተኛው የሰጪውንና የተቀባዩን ደም አዋህዶ መጣላት አለመጣላቱን ማየት። ግፊት፣ ሽንትና የኩላሊት ሥራ ሦስተኛ። ሲቲ ስካን መጨረሻ። አንድ በር ላይ የወደቀ ሰው እዚያው ይቆማል፤ የሚቀጥለው ዘመድ ይገባል። ሐኪሙ አይቶ «ይህን እስከዛሬ የት ደብቀሽው ነበር?» አላት።

አሻፈረኝ ያለው የላቦራቶሪው ሽማግሌ ብቻ ነበር። ሁሉም ጋሼ ይሉታል፤ ጡረታው ደርሶም ማይክሮስኮፑን ትቶ መሄድ ያቃተው ሰው ነው።

«ልጄ፣ ውዱን ከኋላ ማድረግሽ ልክ ነው፤ እጅሽ ይባረክ» አላት። «ግን ሰውየው እኮ መጥቷል። ክንዱ እጅሽ ላይ ነው። ግፊቱን ለክተሽ፣ ሽንቱ ውስጥ አንዲት ወረቀት ነክረሽ ብትሰጂው ምንሽ ይጎድላል? ለወንድሙ ባይሆን ለራሱ ይሆነዋል።»

«ጋሼ፣ ወረቀቱ ባለቀ ቁጥር የሚጮኹት እርስዎ ነዎት። ደግሞስ አንድ ነገር ባገኝበት ማን ይከታተለዋል? እዚህ የሚተኙት መቼ አነሱኝና ነው የተመለሱትን የማስታምመው?»

«መከታተሉን ለሌላ ተይው። መንገሩ ነው የኔ ጉዳይ።»

«ሁሉን ልንገር ስንል ነው ያ ልጅ የሞተው» አለችው። በሞተ ሰው የተዘጋ አፍ አይከፈትምና ጋሼ ወደ ማይክሮስኮፑ ተመለሰ።

እውነቱን ለመናገር፣ አሠራሩ ሠራ። ወራት ይፈጅ የነበረው ወደ ሳምንታት ወረደ። ሰው ዳነ። ሲስተሯም በኮሪደሩ ቀና ብላ ትሄድ ጀመር።

በዚያው ሰሞን ሦስት ወንድምና እህት መጡ። እናት አባት የላቸውም። ታላቂቱ በመዋእለ ሕፃናት ሞግዚት ናት፤ ሁለቱን ያሳደገችው እሷ ናት፤ «እትዬ» ይሏታል። መካከለኛው ወንዱ በያጅ ነው፤ በር የሚያህል ትከሻ፣ የእሳት ፍንጣሪ የበሳሳው ሸሚዝ፣ ሳቁ ከበሩ ቀድሞ የሚገባ። ታናሺቱ ፎቶ ቤት ነበር የምትሠራው፤ አሁን ግን ፊቷ አመድ መስሎ በሳምንት ሁለት ጊዜ እጥበት ላይ ትውላለች። የታመመችው እሷ ናት።

በያጁ እትዬን ወደ ኋላ ገፍቶ ቀድሞ ተቀመጠ። «ሲስተር፣ ከኔ ውሰጂ። ከእሷ ምን ይወጣል? አጥንት!»

ደሙ ቢ ሆነ። የታናሺቱ ኦ ነው። ኦ ደግሞ ከኦ በስተቀር አይቀበልም። አንደኛው በር ላይ ወደቀ።

ሳቁ ጠፋ። «በቃ? እንደዚህ በአንዴ?»

«በቃ፣ ወንድሜ። ደማችሁ አይገጥምም።»

«ሌላው ነገሬስ? ሌላው ደህና ነው?»

ሲስተሯ ከጀርባው እትዬ እጅጌዋን ስትሰበስብ እያየች «ሌላውን አላየነውም» አለች። እውነት ነው የተናገረችው። ግን እውነትም አነጋገር አለው፤ እሷ የተናገረችው የሚቀጥለውን ሰው በዓይኗ እየጠራች ነበር። እሱ የሰማው ምንም አልተገኘበትም የሚል ነው። ሲወጣ ለታናሽ እህቱ «እኔስ ብረት ነኝ፤ ደሜ ነው እንጂ እንቢ ያለው» ሲላት ሲስተሯ ሰምታዋለች። ልጠራውና ላርመው ብላ ነበር። የእትዬ ክንድ ግን ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ይጠብቅ ነበር።

እትዬ ኦ ሆነች። ሁለተኛውን በር አለፈች፣ ሦስተኛውን አለፈች፣ ሲቲ ስካኑንም አለፈች። ቀዶ ጥገናው ተሠራ፤ ታናሺቱ ዳነች። ጉንጯ ሞላ፤ ሐኪሙን እስክታሰለች ድረስ ወሬኛም ሆነች። ሁሉም ተራ በተራ ቢጨርሱ ኖሮ ያቺ ልጅ አትደርስም ነበር። ይሄን ማንም አይክድም፤ ጋሼም አልካደም።

ሁለት ዓመት ገደማ አለፈ። አንድ ጠዋት በእጥበቱ ክፍል አዲስ ሰው አለ ተብላ ሲስተሯ ስትገባ፣ አልጋው የጠበበው አንድ ሰው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ትከሻውን አየች መጀመሪያ። እግሮቹ አብጠው ጫማ አልገባባቸው ብሎ በጨርቅ ተጠቅልለዋል።

ፋይሉ ላይ ያለውን ሐኪሙ ነገራት። ሁለቱም ኩላሊቶቹ ጨርማምተው አልቀዋል። በሽታው ከቆየ ግፊት ጋር ለዓመታት ሳያሳምም ሲበላው ኖሯል። ራስ ምታት ሲያስቸግረው ከብየዳው ብርሃን ነው እያለ ኪኒን ይውጥ ነበር፤ ሐኪም ቤት እንዳይሄድ ደግሞ ሐኪም ቤት አይቶት ደህና ነህ ብሎት የለ! በጊዜው የግፊት መድኃኒት ቢጀምር ላይድን ይችላል፤ ብዙ ዓመት ግን ይገፋበት ነበር።

በያጁ ዞሮ አያት። «ሲስተር፣ መጣሁልሽ።» ሊስቅ ሞከረ። ማሽኑ ደሙን እያዞረ ያጉረመርማል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያን ቀን ሽንቴን አይተሽ ቢሆን ኖሮ፣ ይታይ ነበር?» አላት።

ውሸት ምላሷ ላይ መጥቶ ነበር። «ሳይታይ አይቀርም» አለች።

«እንኳንም አላየሽው» አለ። «አይተሽ ቢሆን እትዬ ያቺን አንዷን ለማናችን ትስጥ? እብድ ትሆን ነበር። ትንሿ ዳነችልኝ። ለሁለቱም እንዳትነግሪያቸው፤ ሆድ ይፍጀው።»

ቢሰድባት በተሻላት። ጎማ ጫማዋን እየጎተተች ወጥታ በቀጥታ ላቦራቶሪ ገባች። ጋሼ ወሬው ደርሶታል። ሲስተሯን ሊቆጣ አሰበና ፊቷን አይቶ ተወው። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» አለ፣ ለራሱ በሚመስል ድምፅ።

በዚያው ሳምንት አሠራሩን ለወጠችው። ሲቲ ስካኑና ውዱ ሁሉ እንደነበረ ከኋላ ይቆያል፤ አንድ በር ላይ የወደቀም እንደ በፊቱ ይቆማል። ግን ማንም ሰው ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ፣ የደሙ ውጤት እስኪመጣ ግፊቱ ይለካል፣ ሽንቱ ይታያል፣ ውጤቱም አፍ ተሞልቶ ይነገረዋል። ወረቀቱ ቶሎ ቶሎ ያልቅ ጀመር። ወረፋውም ትንሽ ረዘመ፤ የሚጠብቁት አጉረመረሙ። የበያጁ ሚስት መጣች፤ ደሟ ኤ ሆኖ ተመለሰች፣ ግን ጤነኛ መሆኗን አውቃ ተመለሰች። ለባሏ ግን ምን ይፈይዳል? ከዚያ በኋላ የሚመጣ ዘመድ አልነበረውም።

አንድ ቀን ከምሳ በፊት እትዬ ገባች። ብቻዋን ነበረች። ምግብ አልቀመሰችም፤ ምርመራውን ታውቀዋለቻ። ሰላምታ እንኳ ሳትጨርስ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ እጅጌዋን ሰበሰበች።

«ለወንድሜ ልመርመር ብዬ ነው» አለች።

ሲስተሯ አፏን ከፈተች። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። አንድ ጊዜ የሰጠ ሰው ሁለተኛ አይሰጥም፤ ከበሮቹ ሁሉ በፊት ያለ በር ነው፤ ያለ ደም፣ ያለ ሽንት፣ ያለ ምንም የሚታወቅ። ቃሉ ግን አልወጣላትም። ይህቺ ሴት ሁለት ልጅ ያሳደገች ናት፤ አንዱን በሲስተሯ ቸልታ እያጣች ነው። እጇ የለመደውን ሥራ ሄዶ ጀመረ። የግፊት መለኪያውን ጠቀለለችላት። የሽንት ዕቃ ሰጠቻት። ወረቀቱን ነከረች፤ ቀለሙ ሳይለወጥ ቢጫ እንደሆነ ቀረ። ይህን ሁሉ ስታደርግ አዲሱ አሠራር ነው፣ ማንም ሳይታይ አይመለስም እያለች ለራሷ ትነግራለች፤ ልቧ ግን ፈሪ መሆኗን ያውቃል። እትዬ በእያንዳንዱ ነገር ፊቷ እየበራ ሄደ። የማይሆን ሰው ቢሆን ኖሮ ለምን ይደክሙበታል?

«እንዴት ነው?» አለች።

«ግፊትሽ ጥሩ ነው። ሽንትሽም ንጹሕ ነው።»

«ተመስገን! ተመስገን!» እትዬ የሲስተሯን እጅ ይዛ ሳመችው። «ታዲያ መቼ ነው?»

ሲስተሯ እጇን አላስለቀቀችም። አጠገቧ ተቀመጠች። «እህቴ፣ አይሆንም እኮ። አንዱን ለትንሿ ሰጥተሻል። የቀረሽ አንድ ብቻ ነው።»

እትዬ ሕፃን የምታባብል ይመስል እጇን ቸብ ቸብ አደረገቻት። «አውቃለሁ» አለቻት። «እሱን እኮ ነው አሁን ደህና ነው ያልሽኝ።»