አራቱ ቀን

ሦስቱን ሠራተኞቼን ሰብስቤ፣ ጉሮሮዬን እንደ ሚኒስትር ጠረግሁ።

«አንድ ማመልከቻ ሰባት ቀን ስለሚፈጅብን ከሰኞ ጀምሮ አዲስ መዋቅር አለን። ተቀባይዋ ቀላሉን ጉዳይ ራሷ ትወስናለች፤ መርማሪው ቅሬታ የቀረበበትን ብቻ ያያል፤ መዝገብ ቤት ያሉት እትዬ ፋይሉን በዕለቱ ይዘጋሉ። የሚባረር የለም፤ ደመወዝም አይነካም።»

እትዬ መነጽራቸውን አወለቁ። «የኔ ጌታ፣ ሰባቱ ቀን የሚያልቀው የት ነው?»

«አጥንቼዋለሁ!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። «መቀበያ አንድ ቀን፣ ምርመራ አንድ ቀን፣ መዝገብ ቤት አንድ ቀን።»

«አራቱስ?»

ጥናቴን ገለጥኩ። «ፊርማ መጠበቅ፦ አራት ቀን» ይላል፤ በገዛ እጄ የጻፍኩት። የማን ፊርማ እንደሆነ ልጠይቅ ቀና ስል ሦስቱም እኔን እያዩ ነው።

አይ እኔ! በአዲሱ መዋቅር ላይ ደግሞ ለጥራት ብዬ ፊርማዬ ሁለት ቦታ እንዲያስፈልግ አድርጌያለሁ።