አንዲት ነጥብ ከብሌን

የፈላና በር ሰፈር እድራችን ድንኳን መገጣጠሚያው ላይ ተቀድዶ ነበር። ማክሰኞ ከምሳ በኋላ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ወዳለው ሱቄ አምጥቼ እሰፋው ጀመር። ልብስ ሰፊ ነኝ። በእድሩ ደግሞ መልእክት ጸሐፊ ነኝ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ፊደል ግን አልሳሳትም። ስለዚህ ሊቀመንበሩ ጋሽ እንደሻው የእድሩን የቴሌግራም ቡድን ለእኔ ሰጡኝ። ማን እንደታመመ፣ ማን እንዳረፈ፣ ቀብሩ ስንት ሰዓት እንደሆነ የምጽፈው እኔ ነኝ። ሰው ፊት ቆሜ መናገር ስለሚያስፈራኝ ሥራው ተስማምቶኝ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ሲል ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። ብሌን ነበረች።

ብሌንና እናቷ እትዬ ተናኘወርቅ ፈላና በር አጠገብ በርበሬና ቅመም ይሸጣሉ። እትዬ ተናኘወርቅ በስኳር በሽታ ምክንያት እግራቸው ቆስሎ ሆስፒታል ከገቡ አራተኛ ቀናቸው ነበር። ብሌን ከአጠገባቸው ሳትለይ በየቀኑ ትጽፍልኛለች። መልእክቷ ረጅም ነው። «ዛሬ ሾርባ ጠጣች፤ ነርሷን ደግሞ ‹ጨው ረስተሻል› ብላ ተቆጣቻት» ትለኛለች። እኔም አንብቤ ብቻዬን እስቃለሁ።

አሁን የላከችው ግን አንዲት ነጥብ ነበር። ከፊቷ ቃል የለም፣ ከኋላዋም የለም።

«ምነው? መርፌ ወጋህ እንዴ?» አለኝ ሙሳ። ሙሳ ሱቅ የተጋራኝ ጓደኛዬ ነው፤ የእሱ የስፌት መኪና ከእኔ ፊት ለፊት ነው።

ስልኩን አሳየሁት።

«ኢና ሊላሂ!» አለና እጁን ከጨርቁ ላይ አነሳ። «በቃ፣ አለፉ።»

«ማን አለ?»

«ነጥብ የሚደረገው ሲያልቅ ነው። አንተ አይደለህ እንዴ ያስተማርከኝ?»

ሙሳ ያለውን እኔም አስቤው ነበር። እኛ ዘንድ መርዶ በግልጽ አይነገርም። ልጁ የሞተበት ሰው «ትንሽ አሞታል» ይባላል፤ ቤቱ ድረስ ይሸኛል፤ በሩ ላይ የእድር ሰዎችን ሲያይ ራሱ ይረዳል። ስለዚህ ሰው ዝም ሲል ሞት ነው ብለን እንሰማለን። በዚሁ ልማድ ነው ባለፈው ዓመት ጉድ የሠራሁት።

ያኔ ታመው ድሬዳዋ ተኝተው የነበሩት ጋሽ ደምሴ ነበሩ። ከአጠገባቸው የነበረችው ልጃቸው የሺ የሚያለቅስ ፊትና ሁለት የተጋጠሙ እጆች ላከችልኝ። ሌላ ምንም የለም። እኔ አንድ ጥያቄ ሳልጠይቅ «ጋሽ ደምሴ ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ» ብዬ ለመቶ አርባ አባል ጻፍኩ፤ ያለ አንዲት የፊደል ስህተት። የሺ ያለቀሰችው ግን ሐኪሙ «ይውጡ፣ ድነዋል» ስላላት በደስታ ነበር። ድንኳኑ ተተከለ። ማታ ሊሆን ሲል ጋሽ ደምሴ በባጃጅ መጡ። ድንኳኑን ሲያዩ ከባጃጁ ወርደው ባርኔጣቸውን አወለቁና ከለቀስተኛው መካከል ተቀመጡ። «ማን ነው የሞተው?» ብለው ጠየቁ።  ከዚያ ወዲህ «ፍፁም» ብለው በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር «ቀባሪዬ፣ እንደምን ዋልክ?» ይሉኛል።

ለብሌን ደወልኩላት። ጠራ፣ ጠራ፣ አላነሳችም። በሴቶች ክፍል ስልክ ሲጮህ ነርሶቹ ይቆጣሉ፤ ስለዚህ አለማንሳቷም ምንም አይነግረኝም።

በዚህ መሃል ጋሽ እንደሻው ድንኳኑን ሊወስዱ መጡ። ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፤ ሱቅ ሲገቡ እንኳ ሰልፍ የሚቃኙ ይመስላሉ።

«አለቀ?»

«ትንሽ ቀርቶታል፣ ጋሼ።»

ሙሳ አፉን መያዝ አይችልም። «ብሌን ነጥብ ልካለች» አላቸው።

ስልኩን ተቀብለው ራቅ አድርገው ያዙት፤ ከዚያ ቀረብ አደረጉት። «ይህቺ ናት?»

«አዎ።»

ፊታቸው ተለወጠ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ተናኘወርቅዬ...» አሉ። ወዲያው የወታደር ድምፃቸው ተመለሰ። «በል ጻፍ። ድንኳኑ ዛሬውኑ ይተከላል። ልጅቷ ብቻዋን ናት፤ ነገ ቀብር ነው።»

«ጋሼ፣ አላወቅንም እኮ።»

«እንግዲያ ተነስ፣ ሄደን እንይ።»

ሄዶ ማየቱ ደግሞ የባሰ ነበር። የእድር ሊቀመንበርና ጸሐፊ ጎን ለጎን ሆነው ሆስፒታል በር ላይ ከታዩ፣ እሱ ራሱ መርዶ ነው። እትዬ ተናኘወርቅ በሕይወት ካሉ እኛን አይተው ምን ሊሉ ነው? ልጃቸው ግርማ፣ የብሌን ወንድም፣ ደግሞ ከከተማ ወጣ ብሎ ድሬ ጠያራ ያስተምራል፤ የቡድኑ አባል ነው። እኔ ከጻፍኩ የእናቱን ሞት ከትምህርት ቤት ግቢ፣ ከስልክ ላይ ሊያነብ ነው። ሞተው ከሆነ እንዲህ አይነገረውም። ካልሞቱማ...

«አልጽፍም፣ ጋሼ» አልኩ።

በሕይወቴ ለእሳቸው እንቢ ስል የመጀመሪያዬ ነበር። ሙሳ መኪናውን አቆመ።

«ምን አልክ?»

«መጀመሪያ እሷን ልጠይቃት። ጋሽ ደምሴን አንድ ጊዜ ቀብሬያለሁ።»

ጋሽ እንደሻው ትክ ብለው አዩኝና በተጣጠፈው ድንኳን ላይ ተቀመጡ። «ጠይቅ» አሉ። «ግን ቶሎ።»

መጻፍ ጀመርኩ። መጀመሪያ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት፤ እሱ ያው መገመት ነው። «ምን ሆነሽ ነው? እማማ እንዴት ናቸው? ለምን አታነሺም?» ብዬ ጻፍኩ። ይህንንም አጠፋሁት። ነጥብ ብቻ የላከች ሰው ሦስት ጥያቄ የምትመልስበት ጉልበት ያላት አልመሰለኝም። በመጨረሻ እንዲህ ላክሁ፦

«ብሌን፣ ነጥቧ ደርሳኛለች። ምን ማለትሽ እንደሆነ አላወቅኩም፣ አልገምትምም። ሳታስቢው ተነክቶብሽ ከሆነም ምንም አይደለም። መጻፍ ከከበደሽ አንድ ቁጥር ብቻ ላኪልኝ። 1 ማለት ‹በኋላ እንነጋገር›። 2 ማለት ‹ሰው ይምጣልኝ›። 3 ማለት ‹ለጊዜው ተዉኝ›። በቡድኑ ላይ ምንም አልጻፍኩም፣ አንቺ ሳትዪኝም አልጽፍም። ስልኩ ከእጄ አይለይም።»

ሙሳ በትከሻዬ ላይ አነበበ። «ዋናውንማ አልጠየቅካትም።»

«እሱ ከሆነ ራሷ ትነግረኛለች። ያንን ቃል ቀድሜ አልጽፍባትም።»

ሁለቱ የማንበቢያ ምልክቶች ወዲያው ታዩ። «እየጻፈች ነው» አለ ስልኩ። ቆመ። እንደገና «እየጻፈች ነው» አለ። ቆመ። ጋሽ እንደሻው ጉልበታቸውን በጣቶቻቸው ይመቱ ነበር። ሙሳ ቀስ ብሎ «ያ አላህ» ይላል። ሌላ ነገር ልጨምርላት እጄ በላኝ፤ ግን ተውኩት። እሷ ቃል እየፈለገች ባለችበት ሰዓት ሌላ ጥያቄ ብልክባት መንገድ መዝጋት ነው።

መጣ።

«2»

ከዚያም፦ «አንተ ብቻ።»

ጋሽ እንደሻው ተነሱ፣ ተቀመጡ። «ሂድ» አሉ። «እኔ እዚሁ እጠብቃለሁ። ድንኳኑን አልነካም።»

ባጃጅ ያዝኩ። ብሌን ከሴቶች ክፍል ውጭ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ነጠላዋ አንገቷ ላይ ነበር፤ ወደ ሐዘን አልተገለበጠም። ይህን አይቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ወደ ክፍሉ በር እያየች ተናገረች። «እግሯን ሊቆርጡት ነው። ከጉልበቷ በታች። ቁስሉ አጥንቷ ደርሷል፣ ካልተቆረጠ ወደ ላይ ይወጣል አሉ። እማዬ ደግሞ ‹ልጄ ያለችውን› አለቻቸው። እኔ ምን ልበል፣ ፍፁም?»

 «አለሁ» ብቻ አልኳት።

«ልጽፍልህ ብዬ ሁሉንም ጽፌው ነበር። ‹እግሯን› የሚለው ላይ ስደርስ አጠፋሁት። ደግሜ ጻፍኩ፣ ደግሜ አጠፋሁ። በመጨረሻ ነጥቧ ብቻ ቀረች፤ እሷን ላክኋት። እዚያ መኖርህን እንዳውቅ ነው እንጂ ሌላ ምንም አላልኩም።» ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «‹እግዚአብሔር ያጽናሽ› የምትለኝ መስሎኝ ፈርቼ ነበር። ብትለኝ ኖሮ ስልኩን እወረውረው ነበር።»

መጻፌንና ማጥፋቴን አልነገርኳትም። አሁን ግን ይህን ታሪክ ስታነብ ታውቃለች።

አብረን ገባን። እትዬ ተናኘወርቅ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ከስተዋል፣ ዓይናቸው ግን ያው ነው። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«ድንኳን ይዘህ መጣህ?» አሉኝ።

«ኧረ አይደለም፣ እትዬ! ተቀድዶ ሱቄ እየሰፋሁት ነው።»

«የደምሴን ነገር ሰምቻለሁ። እኔን ደግሞ ሳልሞት እንዳትተክልብኝ።» ሳቁና ደከማቸው። ከዚያ የብሌንን እጅ ያዙ። «ልጄ፣ ‹አንቺ ወስኚ› ያልኩሽ ፈርቼ ነው። ተይው፣ እኔው እፈርማለሁ። እግሩ ይሂድ፤ እኔ ልቅር።»

ለግርማ ብሌን ራሷ ደወለችለት፤ ድምፅዋ ሲቆራረጥ ስልኩን እኔ ያዝኩላት። ለቡድኑ ምን እንድጽፍ ጠየቅኳት። እሷ እንዳለችው ቃል በቃል ጻፍኩ፦ «እትዬ ተናኘወርቅ ነገ ጠዋት ቀዶ ሕክምና አላቸው። በጸሎት አስቧቸው። ለጊዜው ጠያቂ አይምጣ።»

የተጋጠሙ እጆች ስልኬን ሞሉት። ከጋሽ ደምሴ ግን ሌላ መጣ፦ አንድ የዶሮ ሥዕል። ዶሮውን ደጋግሜ አየሁት። ከዚያ «ጋሼ፣ ዶሮው ደርሶኛል። ምን ማለትዎ ነው?» ብዬ ጻፍኩ።

በድምፅ መለሱልኝ። «ቀባሪዬ! እጅ ልልክ ስል ዶሮ ነካሁ። መነጽሬ የለም። እንኳንም ጠየቅከኝ፣ ነገ በጠዋት ዶሮ አርደህ ትጠብቀኝ ነበር።»

በማግሥቱ ሁለት ሰዓት ላይ መኪናዬ ፊት ተቀመጥኩ። የያዝኩት የቀሚስ ስፌት አልሄድልህ አለኝ። ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኩ ተንቀጠቀጠ። ነጥብ ናት።

ሙሳ ቀና ብሎ አየኝ፤ ዛሬ ግን ወደ ስፌቱ ተመለሰ። ነጥቧ ምን ማለት እንደሆነች አሁን አውቃለሁ፤ ገምቼ ሳይሆን ራሷ ነግራኝ ነው። «አለሁ» ብዬ ላክሁላት።

በየሩብ ሰዓቱ አንዲት ነጥብ ትመጣለች፤ እኔም «አለሁ» እላለሁ። ስምንት ጊዜ ተላላክን። በዘጠነኛው ነጥብ ፋንታ ግን ጽሑፍ መጣ፦

«ነቃች። መጀመሪያ የጠየቀችው ድንኳኑን ነው። ‹ሰፍቶ ጨረሰው ወይ?› ትላለች።»

«ጨርሻለሁ በያቸው» አልኩ። «አጣጥፌ ሳጥን ውስጥ ከትቼዋለሁ።»