ሁለቴ የሚመታ እግር

ልጄ መልካሙ እንጨት ተሸክሞ ሲመጣ በሩን በእግሩ ነበር የሚመታው፤ ሁለቴ። ኮሶዬ ላይ በጥምቀት ትግል ገጥሞ፣ አንገቱን ታንቆ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። እዚያ ትግል ላይ «በቃኝ» የሚባልበት ምልክት አልነበረም። ቢኖርም እሱ እሺ አይልም። በሩ ግን ከሞተም በኋላ ሁለቴ ይመታ ነበር፤ ስከፍተው ሰው የለም።

የመልካሙ ልጅ ፅዮን ጁዶ ስትጀምር ማተቧን አስይዤ አስማልኳት። «አንገትሽን ከያዙሽ፣ በቃኝ ብለሽ ምንጣፉን ምቺ።»

«እሺ እምዬ፣ ስንቴ ልማልልሽ?»

የክልሉን ቡድን የሚለየው ግጥሚያ ቀን፣ አንገት ላይ ክር አይፈቀድም ብለው ማተቧን አስፈቷት። እኔ በመዳፌ ጨበጥኩት። አንገቷ ባዶ ቀረ።

አሰልጣኟ አስናቀው አጠገቤ ተቀመጠ። «አይዞዎት እማማ። በጀርባዋ በኃይል ከጣለቻት ሙሉ ነጥብ ነው፤ እዚያው ያልቃል። በጎኗ ከሆነ ግማሽ ነው፤ ሁለት ግማሽ ያስፈልጋል። መሬት ላይ በጀርባዋ ይዛ ሃያ ሰከንድ ካቆየቻትም ያልቃል።»

«ያችኛዋ ካነቀቻትስ?»

ወደ ምንጣፉ ዞረ። ከዚያ፣ «እጅ ትሰጣለች፣ ወይ ራሷን ትስታለች። ያኔም ያልቃል» አለኝ።

ፅዮን ይመኙሽ የምትባለውን ልጅ በዳሌዋ አንስታ ጣለቻት። በጎኗ ወደቀች፤ ግማሽ። በኋላ ይመኙሽ ፅዮንን መሬት ላይ ያዘቻት፤ ዳኛው መቁጠር አስጀመረ። አምስት ሳይሞላ ፅዮን ተፈተለከች፤ ነጥብ የለም።

«አሥራ አምስት ሰከንድ ቀራት» አለ አስናቀው። «እየመራች ነው፤ እስኪደወል ብቻ ትቁም።»

ይመኙሽ ግን ከኋላ መጣችና የፅዮንን ኮሌታ ጫፍ በጉሮሮዋ ላይ አዞረችው። አብረው ወደቁ። የፅዮን ሁለት እጆች ኮሌታውን ጨብጠው ቀሩ። ፊቷ ጠቆረ። አልመታችም። ያንን ፊት አውቀዋለሁ፤ ኮሶዬ ላይ እኔው ነኝ የገነዝኩት።

«መልካሙ፣ ልጅህን» አልኩ፣ ድምፄ ሳይወጣ።

ምንጣፉ ሁለቴ ተመታ። ዳኛው አስቆመ። ለይመኙሽ ሙሉ ነጥብ። ሰዓቱ ላይ አራት ሰከንድ ቀርቶ ነበር።

ፅዮን እያሳለች መጣች። «ምነው አስቆመው? አልመታሁም እኮ።»

«በእግርሽ መታሽ» አላት አስናቀው። «እግርም ያው ነው።»

«እግሬን አላንቀሳቀስኩም። አራት ሰከንድ፣ ጋሼ። እችላት ነበር።»

«አባትሽም እችላለሁ ይል ነበር» አልኳትና ማተቧን መልሼ አሰርኩላት። ቋጠሮው ሁለት ጊዜ ተፈታብኝ። ቁስቋም ቤታችን እስክንደርስ ድረስ አላናገረችኝም።

ከዚያ ቀን ወዲህ በሩ ተመቶ አያውቅም። ደግ ነው፣ ልጅቱ ቤት ናት፣ ትተነፍሳለች። እኔ ግን ማድጋውን እንኳ ሳነሳ ቀስ ብዬ ነው፤ ቢመታ እንዳያመልጠኝ።