እህቴ ለራሷ ደመወዝ የቆረጠች ዕለት

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ነበር። ሟች እህቴ በንግድ ፈቃዷ ለሱቋ የተለየ የባንክ ሂሳብ ከፍታ ገና መመለሷ ነው። ታላቅ ወንድማችን እንደ ልማዱ ባንኮኒውን ዞሮ የገንዘብ መሳቢያውን ሳበ። ቤተሰቡ ሁሉ ከዚያ መሳቢያ ሲዘግን ኖሮ፣ ለአከፋፋዩ የሚከፈል ጠፍቶ መደርደሪያው ግማሹ ባዶ ነበር። አንድ ወር እንዲህ ከቀጠለ ሱቁ መዘጋቱ ነው።

«ተው ጋሼ፣ ዝጋው» አለችው።

«ለጎማ መቀየሪያ ነው። የእህቴ ሱቅ አይደል እንዴ?»

«የሱቁ ገንዘብ የሱቁ ነው። ሽያጩ በየቀኑ አዲሱ ሂሳብ ውስጥ ይገባል፤ ዕቃና ኪራይ ከዚያ ይከፈላል። እኔም በወሩ መጨረሻ ደመወዜን ወደ ግል ሂሳቤ አዛውራለሁ። ከዚያ ውጪ አልነካም።»

«ለራስሽ ደመወዝ? አለቃሽ ማን ሆኖ ነው?» ብሎ ሳቀ።

«እኔው ነኝ። ደግሞ ክፉ አለቃ ነኝ፤ ብድር እንኳ አልሰጥም።»

«በገዛ ወንድምሽ ትጨክኛለሽ?»

«ደመወዜ ሲገባ ከራሴ እሰጥሃለሁ። ከሱቁ ግን፣ ብትቀየመኝም፣ አምስት ሳንቲም አታገኝም።»

መሳቢያውን በጭኗ ገፍታ ዘጋችውና ቁልፉን ኪሷ ከተተች። እሱም ተቀይሞ ወጣ። እኔም ያን ቀን አበዛችው ብዬ ነበር፤ አፌን በቆረጠው።

በወሩ መጨረሻ የጎማውን ከደመወዟ ላከችለት። ሱቁ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት፣ እሷ እስከሞተችበት ሳምንት ድረስ፣ ክፍት ነበር።