ሱፍያን ቢተኛም የሚከፈል

እኔ ኑርጃን የወረዳ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። መካነ ሰላም ውስጥ ፋይል የጠፋበት ሁሉ ስሜን እየጠራ ይመጣል። ቀን ቀን ሞጁል ልገልጥ ብል ማን ፋታ ሰጥቶኝ! ለርቀት ትምህርቴ የምትተርፈኝ ከመግሪብ እስከ ዒሻ ሶላት ያለችው የምሽት ሰዓት ናት፤ እሷም ልጆቹ ካልተጣሉ፣ ጎረቤት ካልመጣ።

ባለፈው ሴሚስተር ኮስት አካውንቲንግ፣ የወጪ ሂሳቡ ትምህርት ላይ፣ ኤፍ አገኘሁ። ድጋሚ ከወደቅኩ ከፕሮግራሙ መሰናበት ነው፤ ያ ሁሉ ዓመት የለፋሁበት ዲግሪ ገደል ገባ ማለት ነው።

የሚያበግነኝ ደግሞ ሰንፌ አለመውደቄ ነው። በየሳምንቱ ማጠቃለያ እሠራ ነበር እኮ! ከምዕራፉ መጨረሻ ያለውን ማጠቃለያ በእንግሊዝኛው እንዳለ እገለብጣለሁ፤ ርእሱን በቀይ፣ ትርጓሜውን በሰማያዊ። አብሮኝ የሚሠራና አብሮኝ የሚማር ቢተው የሚባል ልጅ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይወስደዋል። «አንቺ እኮ ከሞጁሉ ትበልጫለሽ!» ይለኝ ነበር። አብረን ወደቅን።

ለድጋሚው ፈተና ማጥናት እንደጀመርኩ አንድ ዓርብ ማታ ባሌ ሱፍያን ከስፌት ሱቁ ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«እስቲ የሳምንቱን አሰሚኝ» አለኝ።

ደብተሬን ገለጥኩ።

«አይ፣ ዘግተሽ። እኛ ልጆች ሆነን ቁርኣን ስንቀራ፣ የትናንቱን ሳናይ ካላሰማናቸው ሸኽዬ ወደሚቀጥለው ያሳልፉን ነበር እንዴ?»

ወላሂ፣ ናቅኩት። ዘጋሁና የፊክስድ ኮስትን ትርጓሜ በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ሳልስት አንበለበልኩለት።

«ማሻአላህ። አሁን ደግሞ እኔ በሚገባኝ ንገሪኝ።»

ያንኑ እንግሊዝኛ መልሼ ደገምኩለት። ያን ሁሉ ቀለም ያፈሰስኩበት ነገር ባዶ ሆኖ ቁጭ አለ። እንዴት እንዳፈርኩ! ማፈሬ ንዴት ሆነና «አንተ ደግሞ ከመርፌህ ጋር ተከራከር!» ብዬ ሞጁሉን ወረወርኩት። አንስቶ አቧራውን አራገፈና «አብሽሪ፣ አይዞሽ» አለኝ። ይሄ ደግሞ ይብስ አናደደኝ።

በማግስቱ ግን እልህ ያዘኝ። ከዚያች ማታ ጀምሮ አንድ ንዑስ ርእስ ብቻ አነባለሁ፤ ሞጁሉን እዘጋና የያዝኩትን በአማርኛ ሁለት ሦስት መስመር እጽፋለሁ። ከዚያ ገልጬ አያለሁ፤ የሳትኩትን አርማለሁ። ሐሙስ ማታ የሳምንቱን አሰባስቤ አንድ ገጽ አደርገዋለሁ። ዓርብ ለሱፍያን አሰማለሁ። ካልገባው ያንን ምዕራፍ አላልፍም።

«የሱቅህ ኪራይ ፊክስድ ኮስት ነው» አልኩት በሚቀጥለው ዓርብ። «ሰፋህም ተኛህም ትከፍላለህ።»

«ክርና ጨርቁስ?»

«እሱ ቫሪያብል ነው። ብዙ ዩኒፎርም በሰፋህ ቁጥር ይጨምራል።»

«ስንት ዩኒፎርም ስሸጥ ነው ታዲያ ኪራዩን የምገላገለው?» አለ።

ጮህኩ! የሚቀጥለው ምዕራፍ ጥያቄ ነበር እኮ፣ ብሬክ ኢቨን! ከአንዱ ዩኒፎርም ዋጋ ላይ የጨርቁንና የክሩን ስትቀንስ አንድ ነገር ይተርፍሃል፤ ኪራዩን ለዚያ ለሚተርፈው ስታካፍለው መልሱ ይመጣል። ይህንን ቀመር ባለፈው ሴሚስተር በቀይ አስምሬበት ነበር። ምን እንደሚል የገባኝ ግን ያን ማታ ነው።

ፈተናው ሲቃረብ ቢተው እንደ ልማዱ ማጠቃለያውን ሊወስድ መጣ። አንድ ገጽ አነበበና ፊቱን አኮማተረ።

«‹ሱፍያን ቢተኛም የሚከፈል›? ኧረ በማርያም! ይሄ ምን የሚሉት ማጠቃለያ ነው?»

«የእኔ ነዋ! አንተም ሞጁልህን ዘግተህ የራስህን ጻፍ።»

«ቀናሽብኝ አይደል?»

«ፎቶ አንስቶ መውደቁን አይተነዋል፣ ቢተው። ቁጭ በልና አሰማኝ።»

እያጉረመረመ ተቀመጠ።

የፈተናው ቀን ወረቀቱን ስገልጥ ስለ አንድ የጫማ ፋብሪካ ገጽ ሙሉ እንግሊዝኛ ተዘርግቷል። «ያ ረቢ» ብዬ ከላይ ጀመርኩ። የፋብሪካው ኪራይ አለ። ቆዳና ማስቲሹ አለ። ስንት ጥንድ ቢሸጥ ነው ወጪውን የሚሸፍነው ይላል። እንዴ! ይሄማ የሱፍያን ሱቅ ነው፣ ስሙን ቀይሮ መጣ እንጂ! ብዕሬን አንስቼ ጀመርኩ።

ውጤቱ የተነገረ ቀን ለሱፍያን ደወልኩና «ቢ! ቢ አገኘሁ!» አልኩት። ቢተውም በሲ አልፏል። ስልኩን ዘግቼ እንባዬን ሳልጠርግ ሱፍያን መዝገብ ቤቱ በር ላይ ደረሰ፤ ሜትሩ ገና አንገቱ ላይ ነው።

«ሱቁንስ?» አልኩት።

«ዘጋሁት።»

«በሥራ ሰዓት? ኪራዩስ?»

እየሳቀ ፋይሎቼ መሀል ቁጭ አለ። «ብተኛም የሚከፈል አይደል? በይ፣ ሱቄን ያዘጋኝን ውጤት አሰሚኝ።»