ልቅሶ ቤት የገቡ ሦስት መጻሕፍት

«በልቦለዱ ጀምሪ» አሏት ጋሽ ሀይረዲን፣ በጋዜጣ የጠቀለሏቸውን ሦስት መጻሕፍት ፍራሹ ላይ እያስቀመጡ። አቃቂ ገበያ ዳር አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡ ጎረቤት ናቸው። የልዕልት አባት አቶ ሳህሌ ከተቀበሩ አምስተኛ ቀናቸው ነው፤ ድንኳኑ ፈርሷል፣ የእድሩም ወንበር ተመልሷል።

«ልቦለዱ ላይ ሰው አይሞትም። ሁለት ጎረቤታሞች በአጥር ሲነታረኩ ነው። ሐዘንተኛ ዓይኑ መስመር ላይ አይረጋለትም፣ ምዕራፉ አጫጭር የሆነ መረጥኩልሽ። ወጎቹን አንድ አንድ፤ አንዱን አንብበሽ ዝጊውና ውለሽ እደሪበት። ግለ ታሪኩን ግን አሁን እንዳትነኪው። አባቱን የቀበረ ሰው የጻፈው ነው። ከአርባው በኋላ፣ ያውም ሰው አጠገብሽ ሲኖር። እኔ እናቴ ስትሞት እንዲህ ባለው ጀምሬ አልጋ ያዝኩ።»

ልዕልት እሺ አለች። እሺ ማለት ምን ይከብዳል። ሰውየው ከግቢው ሳይወጡ የገለጠችው ግን ግለ ታሪኩን ነው። እሷ ያደረገችውን ያደረገ ሌላ ልጅ በዓለም ላይ መኖር አለመኖሩን ማወቅ ፈለገች።

አቶ ሳህሌ ሠላሳ ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠርተው ዓይናቸው ደክሞ ነበር። ከሥራ ስትመለስ መጽሐፍ የምታነብላቸው እሷ ናት። እሳቸው ደግሞ ዝም ብለው አይሰሙም፤ ከባለታሪኩ ጋር ይጣላሉ፣ ይመክሩታል፣ ሲብስባቸው ይሰድቡታል። ሆስፒታል በመጨረሻው ቀን «ትንሽ አንብቢልኝ» አሏት። ደክሟት ነበር። ስልኳን እየነካካች «ነገ፣ አባባ» አለቻቸው። አልነጋላቸውም።

የግለ ታሪኩ ልጅ ግን የአባቱን እጅ ይዞ እስከ መጨረሻው ትንፋሽ ተቀምጧል። አንድም ነገር አላጎደለም። ልዕልት መጽሐፉን ከግድግዳው ጋር አላተመችው።

የአባቷ እህት እትዬ ብዙወርቅ ድምፁን ሰምተው ገቡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እንደለበሱ ናቸው።

«ሰው ሊያስተዛዝን ሲመጣ መጽሐፍ ደቅነሽ? ምን ይሉናል?»

«አንብቢልኝ ብሎኝ ነበር፣ እትዬ። እምቢ አልኩት።» ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የጋሽ ሀይረዲንን ምክር ሳይቀር። አምስት ቀን ያልመጣው እንባ አሁን መጣ።

እትዬ ብዙወርቅ «ጥፋትሽ አይደለም» አላሏትም። ከጎኗ ፍራሹ ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ ታነብልኛለች እያለ ይኮራብኝ ነበር» አሉ። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩ፣ የሚያነብልኝ አልወለድኩ። እቀና ነበር እኮ። እስቲ ሰው የማይሞትበትን አንብቢልኝ።»

ልዕልት አፍንጫዋን ጠርጋ የጎረቤታሞቹን ታሪክ ጀመረች። ድምጿ ተሰባበረ፤ አንዱን መስመር ሦስት ጊዜ ደገመችው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ረጋላት። ከቀብሩ ወዲህ ዓይናቸውን ያልከደኑት እትዬ ብዙወርቅ ግን ግድግዳውን ተደግፈው እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር።

አየቻቸው። መጽሐፉን አልዘጋችም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ለማይሰማት ሰው፣ ምዕራፉን እስከ መጨረሻው አነበበችው።